ገጽ የሚያስገልጥ ጥያቄ

“ጦርነት በሰላማዊው ሕዝብ ላይ ምን ጉዳት ያደርሳል?” ተብሎ የተከፈተ የመጽሐፍ ውይይት ብዙም ሳይቆይ መጽሐፉን ጥሎ ይሄዳል። ለጥያቄው መልስ የሌለው ሰው የለማ። አንዱ ከዜና የሰማውን ያነሳል፤ ሌላው ስለ ፖለቲከኞች ይናገራል፤ ሦስተኛው ተቆጥቶ ይመልስለታል። መጽሐፉ ግን እንደተዘጋ ጠረጴዛ ላይ ነው። መጽሐፉን ጨርሶ ያላነበበው ሰው ከሁሉም በላይ ሲናገር ካያችሁ፣ ጥፋቱ የጥያቄው እንጂ የሰውዬው አይደለም።

ስለ ጦርነት የተጻፈ ልብ ወለድ ላይ ለመወያየት የሚያገለግል ጥያቄ ሰውን ወደ አንድ ገጽ የሚመልስ ነው። መልስ ሰጪው “ቆይ፣ የት ጋ ነበር?” ብሎ መግለጥ ከጀመረ ጥያቄው ሠርቷል። ይህን በአንድ መጽሐፍ ላይ ላሳይ። የመረጥኩት የናይጄሪያዊቷን የቺማማንዳ ንጎዚ አዲቺን “ግማሽ ቢጫ ፀሐይ” ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ፤ በማግስቱ ዓመት የብሪታንያውን የኦሬንጅ ሽልማት አገኘ። ርእሱ የተወሰደው ከቢያፍራ ሰንደቅ ዓላማ ነው። ከዚህ በታች የታሪኩን መጨረሻ ጭምር ስለማነሳ፣ ገና ሊያነበው ያሰበ ሰው ይህን ጽሑፍ ለኋላ ቢያቆየው ይሻላል።

ዳራውን ባጭሩ እንበል። እ.ኤ.አ. በ1966 ናይጄሪያ ውስጥ ሁለት የወታደር ግልበጣዎች ተካሄዱ፤ በዚያው ዓመት በሰሜኑ ክፍል በሚኖሩ ኢግቦዎች ላይ ጭፍጨፋ ደረሰ። ከሞት የተረፉት በባቡርም በመኪናም ወደ ምሥራቅ ሸሹ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 1967 የምሥራቁ ክፍል ቢያፍራ በሚል ስም ነጻነቱን አወጀ፤ በሐምሌ ጦርነቱ ተጀመረ፤ በጥር 1970 ቢያፍራ እጅ ሰጠች። ከሞቱት የሚበዙት በጥይት ሳይሆን መውጫ መግቢያው ተዘግቶባቸው በረሃብ ያለቁ ናቸው፤ ቁጥራቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። አዲስ አበባም በነገሩ ውስጥ ነበረችበት። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስለ ናይጄሪያ ያቋቋመውን ኮሚቴ የመሩት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ በነሐሴ 1968 ሁለቱ ወገኖች እዚሁ ከተማ ተቀምጠው ተነጋግረው ሳይስማሙ ተለያይተዋል።

ይህን ያህል ዳራ ይበቃል። ብዙ የውይይት መሪዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በታሪክ ገለጻ ያጠፉታል። ከዚያ በኋላ ልብ ወለዱ የገለጻው ማስረጃ ሆኖ ይቀራል፤ ሰውም ተማሪ ሆኖ ዝም ይላል። ከላይ ያለውን ያህል በግማሽ ገጽ ጽፎ ከስብሰባው በፊት መላክ ይሻላል። በዚያው ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ይጨመር። አንዱ፣ መጽሐፉ አራት ክፍሎች እንዳሉት፣ ከስድሳዎቹ መጀመሪያ ወደ ስድሳዎቹ መጨረሻ ዘሎ እንደገና ወደ ኋላ እንደሚመለስ መንገር ነው፤ ሦስተኛው ክፍል ላይ ግራ ተጋብተው የሚያቆሙ አንባቢዎች ጥቂት አይደሉም። ሁለተኛው፣ ግድያና አስገድዶ መድፈር ያለባቸውን ምዕራፎች አስቀድሞ ማሳወቅ ነው። በእኛ ዘመን በየትኛውም ክፍል ውስጥ፣ አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ ጦርነትን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤቱ የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው የራሱን እንዲያወራ መጠየቅ የለበትም። ካወራም የውይይቱ ማሳያ መሆን የለበትም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል መሆን አለበት፤ ቀላል ስል ግን ስሜት የማይነካ ማለቴ ነው። እኔ የምመርጠው ስለ ቤት ነው። የታሪኩ ዋና ቤተሰብ አባወራው ኦዴኒግቦ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ኦላና ከሀብታም ቤት የወጣች የተማረች ሴት ናት፤ ኡጉ ከገጠር በልጅነቱ መጥቶ የተቀጠረ ሠራተኛቸው ነው፤ የምትከተላቸውም አንዲት ሕፃን አለች። ጦርነቱ ሲመጣ ከንሱካው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ አባ ይሄዳሉ፤ ከአባ ወደ ኡሙአሂያ፤ ኡሙአሂያ ውስጥ ከቤት ወደ አንዲት ክፍል፤ ከዚያ ኦርሉ ወዳለው የእህቷ የካይኔኔ ቤት። ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ በእያንዳንዱ ቤት ምን ይበላሉ? ማብሰያውንና መጸዳጃውን ከማን ጋር ይጋራሉ? ከቀድሞው ቤት ምን ይዘው መጡ፣ ምንስ ቀረ?

ጥያቄው ተራ ቆጠራ ይመስላል። ሰዎች ግን ገጽ መግለጥ ሲጀምሩ ደራሲዋ ጦርነቱን የምትነግረን በጦር ሜዳ ዜና እንዳልሆነ ራሳቸው ያገኙታል። መጀመሪያ ላይ ኡጉ ማቀዝቀዣ ከፍቶ የሚያየው ምግብ ጉድ ያሰኘዋል። በኋላ ኦላና ዕርዳታ ማደያ ደጃፍ ላይ ትሰለፋለች። አንድ ቀን የሚያውቃት ሰው ደብቆ የሥጋ ቆርቆሮ ይሰጣታል፤ መንገድ ላይ በጦርነቱ አእምሯቸው የተናወጠ ወታደሮች ይነጥቋታል። እዚህ ጋ ሲደረስ መሪው አንድ ተጨማሪ ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ ያንን ቆርቆሮ ያገኘችው ስለ ተሰለፈች ነው ወይስ ስለምትታወቅ? ውይይቱ ሳይታሰብ ወደ እውነተኛው ጉዳይ ይገባል። ረሃብ ሁሉንም እኩል አያገኝም። ትውውቅ ያለው ቆርቆሮ ያገኛል፤ የሌለው ሰልፉ ውስጥ ይቀራል። የኦላና ወላጆች ደግሞ ከአገር ወጥተው ለንደን ገብተዋል።

እዚህ ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ያሉትን አልረሳም። ሁሉም ስለ ኦላና ሲነጋገር ቆይቶ እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው፣ “ልጆቼ፣ ኡጉስ መቼ በላ? እስቲ አንብቡልኝ፤ እኔ ሌላውን ሲያበላ እንጂ ሲበላ አላየሁትም” አሉ። ያን ምሽት የቀረው ጊዜ ያለቀው ይህንን በመፈለግ ነው። የተዘጋጀ ጥያቄ ይህን ያህል አይሠራም፤ የተዘጋጀው ጥያቄ ግን ለእንዲህ ያለው በር ከፍቷል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ባቡሩ ነው። ኦላና ካኖ ውስጥ የዘመዶቿን አስከሬን አይታ በሸሺዎች በታጨቀ ባቡር ወደ ቤቷ ትመለሳለች። አጠገቧ አንዲት እናት ትልቅ ቅል ታቅፋ ተቀምጣለች። ቅሉን ስትከፍተው የሴት ልጇ ራስ ነው። እናትየዋ የምታወራው ስለ ገዳዮቹ አይደለም፤ የልጅቷ ጸጉር ብዙ ስለነበር ሹሩባውን መሥራት ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ ነው የምትናገረው።

ለዚህ ትዕይንት ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ጥያቄ “ምን ተሰማችሁ?” ነው። አልወደውም። ምን እንደሚሰማ የታወቀ ነው፤ ጥያቄው ሰዎችን ለሐዘን ውድድር ይጋብዛል። ይልቅ እንዲህ ይጠየቅ፦ ይህ ቅል በመጽሐፉ ውስጥ ስንት ቦታ ይገኛል? ማን ነው የሚናገረው? በትዕይንቶቹ መካከል ምን ልዩነት አለ? በልብ ወለዱ ውስጥ ሌላ እየተጻፈ ያለ መጽሐፍ አለ፤ ምዕራፎች መካከል አጫጭር ቁራጮቹ ይገባሉ። የዚያ መጽሐፍ መግቢያ ይኸው የቅሉ ታሪክ ነው። እዚያ ላይ ኦላና ነገሩን ስትናገር ሰሚው በቅሉ ላይ የተቀረጹትን መስመሮች፣ በእናትየዋ ልብስ ላይ ያለውን የደም ቦታ ሁሉ እየጠየቀ ይጽፋል። ከባቡሩ እንደተመለሰች እግሯ አልታዘዝ ብሏት መራመድ አቅቷት የነበረች ሴት ናት ይህን አንድ በአንድ የምትነግረው። የሰማችውንና ያየችውን ለመናገር የቻለችው መቼ ነው፣ ለማንስ ነው? ይህን የሚጠይቅ ሰው የትዕይንቱን ዘግናኝነት አልፎ ከጦርነት የተረፈ ሰው እንዴት እንደሚናገር ያያል። አንባቢዎች ከተጠየቁ፣ ደራሲዋ ሹሩባውን ለምን እንደመረጠች ያለማንም እርዳታ ይናገራሉ። ልጇን ቁጭ አድርጋ ሹሩባ ያልሠራች እናት በክፍሉ ውስጥ አትጠፋም።

ሦስተኛው ስለ ውጭ ጋዜጠኞች ነው፤ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ደግሞ የተለየ ስለት አለው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ የቢያፍራን መንግሥት እየወከለ ሁለት አሜሪካውያን ጋዜጠኞችን ያስጎበኛል። አንደኛው የሚጠይቀው ስለ ሞተ አንድ ጣሊያናዊ የነዳጅ ሠራተኛ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቢያፍራውያን ሞተው ሳለ። ሪቻርድ ይናደዳል። ጥያቄው፦ ሪቻርድ ራሱ ከጋዜጠኛው የሚለየው በምንድን ነው? ስለ ቢያፍራ መጽሐፍ ለመጻፍ የሚፈልገው ለምንድን ነው? በመጨረሻስ መጽሐፉን የጻፈው ማን ሆኖ ተገኘ?

ብዙ አንባቢ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ በውስጥ ያለውን መጽሐፍ የሚጽፈው ሪቻርድ ይመስለዋል። ጸሐፊው ኡጉ ነው፤ ሠራተኛው። ይህን ያልጠበቀ ሰው ለምን እንዳልጠበቀ መጠየቅ ከሁሉ የተሻለ ጥያቄ ነው፤ መልሱ በደራሲዋ ብልሃት ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ከዚህ ተነስቶ ስለ 1977 ዓ.ም. ረሃብ ፎቶግራፎች ማንሳት ይቻላል። የእኛ ሰው ፎቶ በዓለም ሲዞር ፎቶው ላይ ያለው ሰው ስም ተጽፎ ነበር? ግን ለዚህ አሥር ደቂቃ ተሰጥቶት ወደ መጽሐፉ መመለስ አለበት፤ አለበለዚያ ምሽቱን ሙሉ ይወስደዋል።

አራተኛው ጥያቄ የሚቆረቁር ነው፤ ስለዚህ ሰው ከተላመደ በኋላ ነው መምጣት ያለበት። ልብ ወለዱ የተጻፈው ከቢያፍራ ወገን ሆኖ ነው፤ የደራሲዋ ሁለቱም አያቶች ያለቁት በዚያው ጦርነት ነው። የተጎዳ ወገን ሲናገር ሌላ የተጎዳ ይረሳል? በካይኔኔ መጠለያ ውስጥ ዶክተር ኢንያንግ የምትባል ሐኪም አለች፤ ኢግቦ አይደለችም፤ በቢያፍራ ውስጥ ካሉት አነስተኛ ብሔሮች የመጣች ናት። አንዲት ተፈናቃይ ሴት ምራቋን ትተፋባትና ለጠላት መንገድ የምታሳዩት እናንተ ናችሁ ትላታለች። ካይኔኔ ሴትዮዋን በጥፊ ትመታታለች። ይህ ትዕይንት አንድ ገጽ አይሞላም፤ ግን ጮክ ብሎ መነበብ አለበት። ከዚያ፦ ተፈናቃይዋ ሰላማዊ ሰው ናት ወይ? ሐኪሟስ? ካይኔኔ ትክክል ሠርታለች?

በዚህ ጥያቄ ላይ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ መከፈሉ ጥሩ ነው። አንዱ ወገን የተራበችና የተፈናቀለች ሴት በቁጣዋ አትፈረድ ይላል፤ ሌላው ቁጣ ሁሌም ጎረቤት ላይ ነው የሚወርደው ይላል። መሪው መጠበቅ ያለበት አንድ ምልክት አለ። ሰዎች “እነሱ” የሚለውን ቃል ስለ መጽሐፉ ሰዎች ሳይሆን ስለ ራሳቸው አገር ሰዎች መጠቀም ከጀመሩ ውይይቱ ሸርተት ብሏል። ያኔ ተቃውሞ ማቅረብ አያስፈልግም፤ “የትኛው ገጽ ላይ?” ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሰው ወደ ገጹ ሲመለስ ድምጹ ይወርዳል።

አምስተኛውን ብዙ መሪዎች ይዘሉታል። ኡጉ በአፈሳ ተይዞ ወታደር ይሆናል። ስንወደው የቆየነው ያ ትሑት፣ መጽሐፍ ወዳድ፣ ምግብ አሳማሪ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት የመጠጥ ቤት ሠራተኛ በመድፈር ይተባበራል። ጓደኞቹ ወንድ አይደለህም ወይ ብለው ያሾፉበታል፤ እሱም ይቀበላል። በኋላ ወደ መንደሩ ሲመለስ እህቱ አኑሊካ በወታደሮች እንደተደፈረች ይሰማል።

ይህን የሚዘል ውይይት መጽሐፉን አላነበበውም ማለት ነው፤ ምክንያቱም ደራሲዋ ተጎጂና ጎጂ የሚባሉትን ሁለት ሰዎች በአንድ ልጅ ውስጥ ያስቀመጠችው እዚህ ነው። የሚሰማው የመጀመሪያ መልስ “ተገድዶ ነው፣ ጦርነት እንዲህ ያደርጋል” የሚል ነው። መልሱ ግማሽ እውነት አለው፤ ግን ሴትዮዋን ከክፍሉ ያስወጣታል። ስለዚህ ጥያቄው ከእሷ ይጀምር፦ ስለ መጠጥ ቤቷ ሴት ደራሲዋ ምን ነገረችን? ስሟን እናውቃለን? ስለ ፊቷ ምን ተብሏል? አንባቢዎች ሲፈልጉ የሚያገኙት በጣም ጥቂት ነው፤ ኡጉን ያየችበት ዓይን ግን ተጽፏል፤ ጥላቻ አለበት፣ ጩኸት የለበትም። ሁለተኛው ክፍል፦ ኡጉ የጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይህ ነገር ገብቷል? እኛ ከምናነባቸው ቁራጮች ውስጥ ቅሉ አለ፣ ረሃቡ አለ፣ የዓለም ዝምታ አለ፤ የመጠጥ ቤቷ ሴት ግን የለችም። የዓለምን ዝምታ የሚከስ ጸሐፊ ራሱ ዝም ያለበት ጉዳይ አለ። ደራሲዋ ይህን ሆን ብላ እንዳደረገችው አምናለሁ፤ የማይስማማ አንባቢ ግን ማስረጃውን ከመጽሐፉ ያቅርብ።

በዚህ ጥያቄ ጊዜ ወንዶች ብቻ ሲናገሩ ከታየ መሪው ዝምታ ሊፈጥር ይገባዋል፤ “ለሁለት ደቂቃ ሁላችንም ገጹን እንደገና እናንብበው” ብሎ። ሴቶችን “እናንተስ ምን ትላላችሁ?” ብሎ በጅምላ መጥራት ግን አይረዳም፤ የክፍሉን ዓይን ሁሉ እነሱ ላይ ይጥላል።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ካይኔኔ ነው። ምግብ ፍለጋ የጦር መስመሩን ተሻግረው ከሚነግዱት ጋር ለመነገድ ትሄዳለች፤ አትመለስም። ጦርነቱ ያልቃል፤ ትፈለጋለች፤ መጽሐፉ ያልቃል፤ አትገኝም። በየውይይቱ “ሞታለች ወይስ በሕይወት አለች?” የሚል ሰው አይጠፋም። ደራሲዋ ያልመለሰችውን ከአንባቢ መጠየቅ ግምት ብቻ ነው የሚያመጣው። የሚሻለው ኦላና ምን እንዳደረገች መከታተል ነው። የተማረች፣ ለባህላዊ ጠንቋይ ቦታ የማትሰጥ ሴት ናት። አሁን ለዲቢያው ፍየል ታቀርባለች፤ የተባለችውን ሁሉ ትፈጽማለች፤ የእህቷን ፎቶ ወንዝ ውስጥ ትጥላለች። ኦዴኒግቦም፣ በየምሽቱ ሳሎኑ ውስጥ ስለ ሳይንስና ስለ አብዮት ሲከራከር የኖረው ሰው፣ አይከለክላትም። ጥያቄው፦ ኦላና የምታምነው ተለውጦ ነው ወይስ የምታደርገው ስላጣች?

ለእኛ አንባቢ ይህ ሩቅ አይደለም። በእኛ ባህል ሞት በመርዶ ይነገራል፤ መርዶ ካልመጣ ልቅሶ አይቀመጥም፤ ድንኳን አይተከልም፤ አርባም ሰማንያም አይቆጠርም። ልጁ ወይም ባሏ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰላት ሴት ጥቁር ትልበስ ወይስ አትልበስ? ዕቃውን ለሰው ትስጥ ወይስ ታስቀምጥ? የካይኔኔ ምዕራፎች የሚናገሩት ስለዚሁ ነው። ሲነበቡ ኦላና ስለ እህቷ በየትኛው ጊዜ እንደምትናገር፣ በኃላፊው ነው ወይስ በአሁኑ፣ አንባቢዎች እንዲከታተሉ መጠየቅ ይጠቅማል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ከብዙ አስተያየት ይልቅ ግን ያሳያል።

ስድስት ጥያቄ ለአንድ ምሽት ይበዛል። መጽሐፉ ከአራት መቶ ገጽ በላይ ስለሆነ ለሁለት ስብሰባ መክፈል ይሻላል፤ በመጀመሪያው ስለ ቤቱ፣ ስለ ባቡሩና ስለ ጋዜጠኞቹ፤ በሁለተኛው ስለ ሐኪሟ፣ ስለ ኡጉና ስለ ካይኔኔ። የጸሐፊው ማንነት የሚገለጠው በመጨረሻው ገጽ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ የጋዜጠኞቹ ጥያቄ ሪቻርድ ላይ ይቁም፤ “መጽሐፉን ማን ጻፈው?” የሚለው ለሁለተኛው ይተላለፍ። የኡጉ ጥያቄ ግን ምሽቱ ሲያልቅ፣ ሰው ኮቱን እያነሳ ሳለ መነሳት የለበትም። ቢያንስ አርባ ደቂቃ ይሰጠው፤ ከሱ በኋላ ደግሞ ካይኔኔ ትምጣ፤ ሰው በዚያ ትዕይንት ላይ ቆሞ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ። በመጨረሻ መሪው “እንግዲህ ዛሬ የተማርነው” ብሎ እንዳይጀምር፤ ቀጣዩ መጽሐፍ ምን እንደሆነና ማን እንደሚያገኘው ይነገርና ሰው ይበተን።